ንጉሡ ወይስ ንጉሤ? 61 ሜጋ ባይት የስካን ፋይል 10 ሜጋ ውስጥ ያስገባሁበት ጉዳይ

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። አቤቱታ እንጽፋለን፣ ኮፒ እናደርጋለን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሥራችን ስካን ሆኗል። ስካን አድርገህ በቴሌግራም ላክልኝ፣ በኢሜይል ላክልኝ፣ ፍላሽ ላይ ጫንልኝ ነው። ይህ ጉዳይ የመጣው አንዲት ሴትዮ የአባታቸውን የውርስ ዶሴ በቢጫ ክላሰር ይዘው የመጡ ቀን ነው። ዶሴው 38 ገጽ ነበረ። አሜሪካ ያለችው እህታቸው ጠበቃ ይዛለች፤ ጠበቃው ሰነዱን የሚቀበለው በኢንተርኔት በሚጫን አንድ ፋይል ሲሆን ከ10 ሜጋ ባይት በላይ አይገባም።

ክላሰሩ ውስጥ የነበረው የተደበላለቀ ነው። በኮምፒውተር የተጻፉ የፍርድ ቤት ወረቀቶች አሉ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ መኪና የተመቱ ደብዳቤዎች አሉ፣ አንድ የካርቦን ቅጂ አለ፣ ማኅተምና ፊርማ ያረፈባቸው ገጾች አሉ፣ ከመሃል ደግሞ ታጥፎ የገባ አንድ ኤ3 የይዞታ ካርታ አለ። ሁሉንም በቀለም፣ በ300 ዲፒአይ ስካን አደረግሁት። የወጣው ፋይል 61 ሜጋ ባይት ሆነ።

«እትዬ፣ ይሄ እንዲሁ አይሄድም፤ ላሳንሰው» አልኳቸው።

«አሳንሰው ልጄ፣ ብቻ እንዳይበላሽ።»

ያን ጊዜ የማደርገው ሁልጊዜ የማደርገውን ነበር። ጎስትስክሪፕት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተሬ ላይ አለ፤ በአንዲት መስመር ይሠራል።

```
gs -sDEVICE=pdfwrite -dPDFSETTINGS=/screen -o small.pdf scan.pdf
```

ወዲያው 61ዱ ሜጋ 2.4 ሆነ። ከፍቼ አየሁት፤ ገጹ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ሲታይ ንጹሕ ነው። ሴትዮዋም በስልካቸው አዩትና ደስ አላቸው። ከፍለው ሄዱ።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፤ ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። እዚያ ያለው አስተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው የአባታቸውን ስም በሦስት ገጽ ላይ «ንጉሡ»፣ በሁለት ገጽ ላይ «ንጉሤ» አድርጎታል። ጠበቃው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ወይ ብሎ ጠይቋል። ካርታው ላይ ያሉት ቁጥሮች ደግሞ ጭራሽ አይነበቡም ተብሏል። «ንጉሡ ነው አባቴ። ንጉሤ የሚባል እኛ ዘንድ የለም» አሉኝ።

የላክሁትን ፋይል ከፈትኩና ስሙ ያለበትን መስመር ወደ 400 በመቶ አጎላሁት። እውነትም እኔም ብሆን አልለየውም። ከዚያ የመጀመሪያውን 61 ሜጋ ከፈትኩ (እሱን አለማጥፋቴ በጀኝ) ያንኑ መስመር አጎላሁ። ሡ ፍንትው ብላ ተቀምጣለች። ወረቀቱም ስካኑም ጤነኛ ናቸው፤ ስሙን ያጠፋሁት እኔ በአንዲት መስመር ትእዛዝ ነው።

የሆነውን ለመረዳት ፊደሏን ራሷን መለካት ነበረብኝ። መደበኛ ደብዳቤ ላይ አንድ ፊደል ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲነሣ፣ ያቺ ፊደል ወደ 35 ፒክስል ቁመት ታገኛለች። `/screen` የተባለው ቅንብር ሥዕሉን ወደ 72 ዲፒአይ ያወርደዋል፤ ስለዚህ ያቺው ፊደል 8 ፒክስል ተኩል ብቻ ይቀራታል። አሁን ሠን አስቡ፤ ከሥር የተያያዙ ሦስት ዘንጎች አሏት። ካዕቧ ሡ ከቀኝ ጎኗ አንዲት ጭረት ታወጣለች። ኃምሷ ሤ ደግሞ ከሥሯ ቀለበት ታንጠለጥላለች። በ300 ዲፒአይ በጭረቷና በቀለበቷ መካከል ከአሥር ፒክስል የበለጠ ርቀት አለ፤ ማንም አይሳሳትም። በ72 ግን ልዩነቱ ሁለት ወይም ሦስት ፒክስል ነው፤ እነዚያም ፒክስሎች ጥቁር ሳይሆኑ ግራጫ ናቸው፤ ምክንያቱም እያንዳንዳቸው የብዙ ፒክስል አማካይ ሆነው የተሠሩ ናቸው። የቀጭኑ ጭረት ቀለም ከነጩ ወረቀት ጋር ተቀላቅሎ ደብዝዟል።

ላቲን ፊደል ላይ ይህ ችግር ከእኛ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እንግሊዝኛ ደብዳቤ በ72 ዲፒአይ አስቀያሚ ይሆናል እንጂ አንባቢው ከቃሉ ቅርጽ ይገምተዋል። እኛ ዘንድ አናባቢው ያለው በዚያች ጭረት ወይም ቀለበት ላይ ነው። ቃል ከሆነ ከዐረፍተ ነገሩ ይገመታል፤ «ቤቱ» የሚለውን ማንም «ቤቴ» ብሎ ቢያነብ ቀጥሎ ያለው ያርመዋል። ስም ሲሆን ግን የሚያርመው ነገር የለም። ንጉሡም ንጉሤም ስም ነው፤ ካሱም ካሴም፣ ሙሉም ሙሌም እንደዚሁ። ጉዳቱ ስም ላይ፣ ቁጥር ላይና ቀን ላይ የሚወድቀው ለዚህ ነው። የውርስ ዶሴ ደግሞ ከእነዚህ ሌላ ብዙም ነገር የለውም።

በመኪና የተመቱት ገጾች የባሱ ነበሩ። በድሮው መኪና ቅጥያዋ ብዙ ጊዜ ለብቻዋ ስለምትመታ ከፊደሉ ትንሽ ተነጥላ፣ አንዳንዴም ፈዝዛ ትቀመጣለች። ሥዕሉ ሲቀነስ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት።

ሌላም ነገር አለ። የስካን ገጽ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በጄፔግ ነው፤ ጄፔግ ሥዕሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፍሎ እያንዳንዱን ካሬ በግምት ነው የሚይዘው። ፊደሉ 35 ፒክስል ሲሆን በብዙ ካሬዎች ላይ ይከፋፈላል፤ አንዱ ካሬ ትንሽ ቢሳሳት ቅርጹ አይለወጥም። 8 ፒክስል ሲሆን ግን አንድ ሙሉ ፊደል አንድ ካሬ ውስጥ ይገባል፤ ግምቱ ፊደሉን በሙሉ ይነካዋል። ሲያጎሉት በፊደሉ ዙሪያ ትንኝ የመሰለ ነጠብጣብ የሚታየው ይኸው ነው። ያ ነጠብጣብ ከፊደሉ ጋር ተያይዞ ከሥሩ ቀለበት ያለ ያስመስለዋል። አስተርጓሚው ያየው «ሤ» እንግዲህ የጄፔግ ሥራ ነበር ማለት ነው። ሰውየውን አልፈርድበትም።

ቀለም ደግሞ ሌላ ዕጣ አለው። ጄፔግ አብዛኛውን ጊዜ የቀለሙን መረጃ ከብርሃኑ መረጃ በግማሽ አሳንሶ ይይዛል፤ በቁመትም በወርድም። ዓይናችን ቀለም ላይ ሰነፍ ስለሆነ ፎቶ ላይ አናስተውለውም። ነገር ግን ገጹ 72 ዲፒአይ ከሆነ የማኅተሙ ወይን ጠጅ ቀለም በ36 ነው ያለው። ጥቁር ጽሑፍ ላይ ያረፈው ማኅተም ጭጋግ ሆኖ፣ ከሥሩ ያለውን ቀን ሸፍኖ፣ ሰማያዊው ፊርማ ከሱ ጋር ተደባልቆ አገኘሁት።

ቀጥሎ ያደረግሁት ማንም የሚያደርገው ነው፤ `/screen` የሚለውን `/ebook` አልኩት። ይህኛው ወደ 150 ዲፒአይ ነው የሚያወርደው። ፋይሉ 6.8 ሜጋ ሆኖ ወጣ፤ ከ10 በታች ስለሆነ ይገባል። ንጉሡም ተመለሱ፤ በዚህ ልክ ፊደሏ ወደ 18 ፒክስል አላት፤ ትኩር ብሎ ላያት ሡ መሆኗ ይታወቃል። ያን ቀን ቸኩዬ ቢሆን ኖሮ እዚያው ላይ አበቃ ነበር። ዳሩ ግን ሴትዮዋ አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል፤ «ካርታውን አሳየኝ» አሉ።

የይዞታ ካርታው ላይ የቦታው ማእዘኖች መጋጠሚያ በሠንጠረዥ ተዘርዝሯል፤ ለእያንዳንዱ ማእዘን አንድ የኤክስና አንድ የዋይ ቁጥር፣ ስድስት ስድስት አኃዝ። አኃዞቹ በጣም ትንንሽ ናቸው፤ በማስመሪያ ስለካቸው ቁመታቸው 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ150 ዲፒአይ 9 ፒክስል ገደማ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ቅድም ስሙን ባጠፋው ፋይል ላይ ፊደሏ ከነበራት ቁመት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። 3ቱ ከ8፣ 6ቱ ከ8፣ 5ቱ ከ6 አይለይም። ሴትዮዋ ወረቀቱን ይዘው እኔ ከስክሪኑ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ከስምንቱ ቁጥር ሦስቱን ሳትኩ። የሳትኩትም እያመነታሁ አልነበረም፤ በልበ ሙሉነት ነበር ያነበብኩት።

ይህች ንባብ ከዚያ ወዲህ የሥራዬ አካል ሆናለች። ፋይል አሳንሼ በዓይኔ «ደህና ነው» ማለት ትቻለሁ። ወረቀቱን ያየ ሰው ስክሪኑን ሲያይ የሚያነበው ከትዝታው ነው፤ ስሙን አስቀድሞ ስለሚያውቀው በጭጋግም ውስጥ ያየዋል። ስለዚህ ወረቀቱን ባለቤቱ ይይዛል፣ እኔ ያላየሁትን መስመር ከስክሪን አነባለሁ።

ታዲያ ሁሉንም ገጽ ትንሽ ከፍ ባለ ልክ ባደርገውስ? ይህን ስሞክር አንድ ነገር አሳሳተኝ። መጀመሪያ 220 ዲፒአይ ብዬ በቁጥር ሰጠሁት፤ የወጣው ፋይል ያው 61 ሜጋ አካባቢ ነው። ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ለውጥ የለም። ፕሮግራሙ የተበላሸ መሰለኝ። በኋላ መመሪያውን ሳነብ ነው የገባኝ፤ ጎስትስክሪፕት ሥዕሉን የሚቀንሰው ከተባለው ልክ ከ1.5 እጥፍ በላይ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ ነው። 220 በ1.5 ሲባዛ 330 ነው፤ የኔ ስካን ደግሞ 300። ስለዚህ ሳይነካው እንዳለ አሳለፈው። ይህ ገደብ በትእዛዙ ላይ ወደ 1.0 ሊወርድ ይችላል። 200 ብዬ ገደቡንም ጨምሬ ስሰጠው ታዘዘ፤

```
gs -sDEVICE=pdfwrite -dDownsampleColorImages=true \
   -dColorImageResolution=200 \
   -dColorImageDownsampleThreshold=1.0 \
   -dColorImageDownsampleType=/Bicubic \
   -o out.pdf in.pdf
```

እዚህ ላይ `/Bicubic` የሚለውን በእጄ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። `/Subsample` የሚባል ሌላ አሠራር አለ፤ እሱ ከየአካባቢው አንድ ፒክስል መርጦ ሌላውን ይጥላል። ቀጭን ጭረት የተጣለው ፒክስል ላይ ከወደቀች ፈዝዛ እንኳ አትቀርም፣ ጭራሽ ትጠፋለች። `/Bicubic` ግን ጎረቤቶቹን አይቶ ያማክላል።

ሥራው መሠራቱን ለማየት ደግሞ የፋይሉን ክብደት ብቻ ማየት አይበቃም። `pdfimages -list` የሚል ትእዛዝ አለ፤ በየገጹ ያለው ሥዕል ስንት ፒክስል እንደሆነና በገጹ ላይ በስንት ዲፒአይ እንደተቀመጠ ይዘረዝራል። ከዋናው ፋይል የመጀመሪያው ገጽ ይህን ይመስል ነበር፤

```
page num type  width height color comp bpc enc  x-ppi y-ppi  size
   1   0 image  2480   3508 rgb      3   8 jpeg   300   300 1612K
```

(አንዳንድ ዓምዶችን ቆርጫቸዋለሁ።) 2480 በ3508 ማለት ኤ4 በ300 ማለት ነው። በ72 ይኸው ገጽ 595 በ842 ነው፤ የፒክስሉ ብዛት ከ17 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ዲፒአዩን በግማሽ ስንቀንሰው የፒክስሉ ሩብ ብቻ እንደሚቀር ብዙ ሰው ልብ አይልም፤ ፋይሉ በዚያ ፍጥነት የሚወርደውም ለዚህ ነው።

ሁሉንም ገጽ በ200 ሳደርገው ፋይሉ 14 ሜጋ ሆነ። አይገባም። በ150 ይገባል፣ ግን ካርታው አይነበብም። ካርታውም በ200 ቢሆን ገና 12 ፒክስል ነው፤ ለስድስት አኃዝ መጋጠሚያ አላምነውም። አንድ ልክ ለ38ቱም ገጽ እንደማይሆን የገባኝ ያኔ ነው። ክላሰሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ከእትዬ ጋር ገጾቹን መደልደል ጀመርን።

መጀመሪያ ማኅተምም ቀለምም የሌለባቸውን ተራ የጽሑፍ ገጾች ለየን፤ 23 ሆኑ። እነዚህን እንደገና ስካን አደረግኋቸው፤ በቀለም ሳይሆን በጥቁርና ነጭ፣ በዚያው በ300። በጥቁርና ነጭ እያንዳንዱ ፒክስል አንድ ቢት ብቻ ነው፤ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ። የሚታሸገውም በፋክስ ዘመን በተሠራ ዘዴ ነው፤ ያ ዘዴ አንዲት ፒክስል እንኳ አይጥልም፣ ትንኝም አያፈላም። አንድ ገጽ 55 ኪሎ ባይት ያህል ሆነ። ከቀለሙ በ72 ከተነሣው ገጽ ያነሰ ክብደት ነው፤ ፊደሉ ግን 35 ፒክስል እንዳለ ነው። ብዙ ሰው በቀለም ስካን አድርጎ ማሳነስ ላይ ይደክማል፤ ተራ ጽሑፍ ከሆነ ግን መጀመሪያውኑ ጥቁርና ነጭ ማድረግ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሆኖም ጥቁርና ነጭ የራሱ ወጥመድ አለው፤ ለሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም። ስካነሩ አንድ ድንበር አስምሮ ከዚያ የጠቆረውን ጥቁር፣ ከዚያ የነጣውን ነጭ ያደርጋል። ከ23ቱ አንዱ ያ የካርቦን ቅጂ ነበር፤ ፊደሎቹ ግራጫ ናቸው። በጥቁርና ነጭ ሲወጣ ግማሹ ፊደል ተቆራርጦ ነጥብ ነጥብ ሆነ። ድንበሩን ወደ ላይ ስገፋው ደግሞ የወረቀቱ እድፍ ጠቁሮ ጽሑፉን ዋጠው። እሱን መልሼ ከቀለሞቹ ጋር አደረግሁት፤ ተራዎቹ 22 ቀሩ። ማኅተም ያለበትንም ለሙከራ በጥቁርና ነጭ አየሁት፤ ፈዛዛው ማኅተም ጠፋ፣ ደማቁ ደግሞ ጥቁር ኩሬ ሆኖ ከሥሩ ያለውን ፊርማ ሸፈነ። ማኅተም በቀለም ነው የሚነሣው፤ ከዚህ ሌላ መላ አላገኘሁለትም።

ሁለተኛው ድልድል ማኅተምና ፊርማ ያለባቸው 14 ገጾችና የካርቦን ቅጂው ነበር፤ 15 ገጽ፣ በቀለም፣ በ200። በዚህ ልክ የደብዳቤው ፊደል ወደ 24 ፒክስል ይይዛል። እኔ ለራሴ የያዝኳት ልክ ለአማርኛ ፊደል 20 ፒክስል፣ ለአኃዝ ደግሞ 15 ነው፤ ከዚያ በታች ቅጥያዋን አላምንም። ይህ ከየትም መጽሐፍ ያገኘሁት ሳይሆን በዚህ ዶሴ ላይ ፊደል እየቆጠርኩ የደረስኩበት ነው። ማስመሪያ ይዞ የትንሹን ፊደል ቁመት በሚሊ ሜትር መለካት፣ ለ25.4 ማካፈል፣ በዲፒአዩ ማባዛት ነው፤ ፒክስሉ ይወጣል። በማኅተሙ ክብ ዙሪያ ያለው ጽሑፍ 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ200 ወደ 16 ፒክስል ብቻ ያገኛል፤ ከልኬ በታች ነው። ግን ያ ጽሑፍ የመሥሪያ ቤቱ ስም ነው፤ ስሙ ከገጹ ራስ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ማኅተሙ መኖሩ፣ ቀለሙና በላዩ ያለው ፊርማ ከታየ ይበቃል ብዬ እያወቅሁ ለቀቅሁት። ከማኅተሙ በቀር ስሙ ሌላ ቦታ የማይገኝበት ሰነድ ቢሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር። እነዚህ 15 ገጾች 5.7 ሜጋ ወሰዱ።

ሦስተኛው ካርታው ብቻ ነው። እሱን አልነካሁትም፤ በ300 እንዳለ ቀረ፣ 2.3 ሜጋ። አኃዞቹ ወደ 18 ፒክስል አላቸው። ወረቀቱን እትዬ ይዘው እንደገና ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ስምንቱንም አገኘሁ።

22ቱ ተራ ገጾች 1.2 ሜጋ፣ ባለማኅተሞቹ 5.7፣ ካርታው 2.3፤ ድምሩ 9.2። ለ10 ጠባብ ናት፣ ግን ትገባለች።

የቀረው ገጾቹን ወደ ቦታቸው መመለስ ነው፤ እዚህም ብዙ ሰው ይወድቃል። ፋይሎቹን ሲያዋሕዱ «ፕሪንት» ብለው ወደ ፒዲኤፍ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ያ ሥዕሉን እንደ አዲስ ሊያሽግ፣ ጄፔጉን ሁለተኛ ጊዜ ሊያበላሽ፣ ጥቁርና ነጩንም ወደ ቀለም ሊመልስ ይችላል። `qpdf` ግን ገጹን እንዳለ አንሥቶ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሥዕሉን አይከፍተውም።

```
qpdf --empty --pages bw.pdf 1-6 color.pdf 1-3 map.pdf 1 \
     bw.pdf 7-22 color.pdf 4-15 -- final.pdf
```

በመካከሉ ጓደኛዬ አንድ ሐሳብ አምጥቶ ነበር። አንዳንድ ትልልቅ የኮፒ ማሽኖች ላይ ፋይሉን በጣም ትንሽ የሚያደርግ አማራጭ አለ፤ «እሱን ተጠቀም፣ ምን ያደክምሃል» አለኝ። እኔ ግን የዴቪድ ክሪዝልን ነገር ስለማውቅ ፈራሁት። ክሪዝል ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ በ2013 አንድ የቤት ፕላን በዜሮክስ ወርክሴንተር ማሽን ስካን ሲደረግ ቁጥሮቹ እንደተለወጡ አሳየ። ሦስት ክፍሎች ነበሩ፤ ስፋታቸው 14.13፣ 21.11 እና 17.42 ካሬ ሜትር። ስካኑ ላይ ሦስቱም 14.13 ሆነው ወጡ። ምክንያቱ ጄቢግ2 የሚባለው ማሸጊያ ነው፤ ተመሳሳይ የመሰሉትን ቅርጾች አንዱን ብቻ አስቀምጦ በሌሎቹም ቦታ እሱኑ ይደግመዋል። ይህ ሥዕልን ከመቀነስ የተለየ ነገር ነው፤ አደጋውም የተለየ ነው። የኔ 72 ዲፒአይ ፋይል ቢያንስ ጭጋግ መሆኑን ያሳያል፤ አስተርጓሚውም አይነበብም ማለት ይችል ነበር። ያኛው ግን ጥርት ያለ የተሳሳተ ቁጥር ነው የሚያወጣው፤ አንባቢው የሚጠራጠርበት ምልክት አያገኝም። የይዞታ ካርታ ለእንደዚያ ዓይነቱ ማሸጊያ አልሰጥም።

ሴትዮዋ ለእህታቸው ፋይሉን በቴሌግራም ሊልኩላት ሲሉ አንድ ነገር አስቆምኳቸው። የገጾቹን ፎቶ በስልክ አንሥተው እንደ ፎቶ ከላኩት ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል፤ የደከምንበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ፒዲኤፉን እንደ ፋይል ሲልኩት ግን እንዳለ ይደርሳል። በስልካቸው አያይዤ ላክሁላቸው፤ ከላክን በኋላም እህታቸው ጋ የደረሰው 9.2 መሆኑን ደውለን ጠየቅን።

አስተርጓሚው አምስቱንም ገጽ «ንጉሡ» ብሎ አስተካክሎ መልሷል። ጠበቃው ግን አንድ ጥያቄ ላከ፤ 31ኛው ገጽ ላይ ያለው ማኅተም ውስጥ ያለው ቀን አይነበብም፣ ከፍ ባለ ጥራት ይላክልን አለ። ዋናውን 61 ሜጋ ከፈትኩ፤ እዚያም የለም። እትዬ ወረቀቱን ይዘው መጡ፤ ያንን አንድ ገጽ በ600 ዲፒአይ አነሣሁት። አንድ ገጽ ብቻ የ61ዱን ሜጋ አንድ አሥረኛ አከለ። ወደ መስኮቱ ወስደንም አየነው። ቀለሙ ከወረቀቱ ላይ ራሱ ለቋል፤ ክቡ አለ፣ መሃሉ ባዶ ነው። 600ው ያሳየኝ የወረቀቱን ጭረት ነው።

«ያኔም ፈዛዛ ነበር» አሉ እትዬ። ለጠበቃው ከወረቀቱ ላይ ራሱ ቀኑ እንደማይነበብ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ የ600ውንም ገጽ ለብቻው አያይዘን ላክን። 61 ሜጋውን ደግሞ በፍላሽ ሰጠኋቸው፤ ከክላሰሩ ኪስ ውስጥ ከካርታው ጋር አስቀመጡት።